መሥመር ሲቋረጥ መዝገብን መጠበቅ፦ ከፊዶኔት እስከ ትምህርት ቤት ታብሌት

በሐዋሳ ከተማ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሚያስተምር አንድ መምህር ጠዋት የተማሪዎቹን መገኘትና መቅረት በታብሌት ሲመዘግብ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ቢጠፋበት፣ የጻፈው ወዴት ይሄዳል? ጥያቄው አዲስ ይመስላል። ይሁን እንጂ በአገራችን ዋናው መልስ ኢንተርኔት ከመግባቱ በፊት በሥራ ላይ ውሎ ነበር።

በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ሥርዓት ድርጅት፣ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ዓመታት የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ የሚያስተላልፈው ፊዶኔት በሚባለው ዘዴ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮም ካቤካ በተባለው ፕሮጀክት አማካይነት ዘዴው ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች እንዲዛመት ሠርቷል። ፊዶኔትን እ.ኤ.አ. በ1984 በሳን ፍራንሲስኮ የጀመረው ቶም ጄኒንግስ ሲሆን፣ አሠራሩ ከፖስታ ቤት ልማድ ብዙም የራቀ አይደለም። ጸሐፊው ደብዳቤውን በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ጽፎ ይጨርሳል፤ ደብዳቤው እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃል፤ የስልክ ዋጋ ሲረክስና መሥመሩ ሲቀል፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ ሞደሙ ደውሎ የተጠራቀመውን ባንድ ጥቅል ያስረክባል፣ የመጣለትንም ይረከባል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ እስከ ዛሬ የሚያገለግሉ ሁለት ብልሃቶች ነበሩ። አንደኛው ከተቋረጠበት የመቀጠል ብልሃት ነው። ቻክ ፎርስበርግ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው ዚሞደም የተባለው የማስተላለፊያ ሥርዓት፣ መሥመሩ በመካከል ቢበጠስ በሚቀጥለው ጥሪ ከመጀመሪያው ሳይነሣ ካቆመበት ይጀምር ነበር። መሥመሩ ደጋግሞ ለሚበጠስበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሁለተኛው ደግሞ መልእክቱ ከተጻፈበት ኮምፒዩተር መለያ ቁጥር ይዞ መነሣቱ ነው፤ አንድ ደብዳቤ በሁለት መንገድ ወይም ሁለት ጊዜ ቢደርስ ተቀባዩ ቁጥሩን አይቶ ድጋሚውን ይጥለዋል።

በጥር ወር 1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት በአገራችን አገልግሎት መስጠት ሲጀምር ይህ ልማድ ተረሳ ማለት ይቻላል። ገጹ በሩቅ ኮምፒዩተር ላይ ሆኖ ተጠቃሚው በመሥመር ላይ እንዳለ ቅጹን የሚሞላበት አሠራር ነገሠ። መሥመሩ «ላክ» በሚባልበት ቅጽበት ከጠፋ የተሞላው ቅጽ አብሮ ይጠፋል። በእኔ አስተያየት፣ መሥመሩ አስተማማኝ ላልሆነለት ተጠቃሚ ይህ ወደ ኋላ መመለስ ነበር።

የቀድሞው ዘዴ በሰፊው ተመልሶ ከታየባቸው ሥራዎች አንዱ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከጥር እስከ ሰኔ 2008 ዓ.ም. ያካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። ጥናቱ 645 የናሙና ቦታዎችን ሸፍኖ 16,650 ቤተ ሰቦችን ጠይቋል። ጠያቂዎቹ መልሱን የመዘገቡት በታብሌት ሲሆን፣ የተሞላውን መጠይቅ ለቡድናቸው ተቆጣጣሪ የሚያስረክቡት ኢንተርኔት በማይጠይቀው ብሉቱዝ ነበር። ከዚያ ወዲያ መዝገቡ ወደ ማዕከል የሚሄደው በኢንተርኔት ነው። ከርክክቡ በኋላ መዝገቡ በሁለት ሰዎች እጅ መገኘቱ ራሱ ትልቅ ጥበቃ መሆኑን ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ምሥራቁ መምህራችን እንመለስና ሥርዓቱ ለእርሱ ቢነደፍ እንዴት እንደሚሠራ እንከተል። መምህሩ «መዝግብ» ሲል ጽሑፉ መጀመሪያ የሚያርፈው በታብሌቱ ውስጥ ባለ ትንሽ የመረጃ ቋት ላይ ነው። በዚያው ቅጽበት «ያልተላከ» የሚል ማስታወሻ በመላኪያ ሰልፍ ላይ ይጻፋል። ሁለቱ ጽሑፎች አብረው መጽናት ወይም አብረው መቅረት አለባቸው፤ መዝገቡ ተጽፎ ማስታወሻው ሳይጻፍ ባትሪ ቢያልቅ፣ መዝገቡ በታብሌቱ ላይ እየታየ ወደ ማዕከል ሳይሄድ ይቀራልና። ኢስኩዩላይት የተባለው፣ በአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ ውስጥ የሚገኘው ቋት ይህን ማጣመር በሚገባ ይሠራል።

ቀጥሎ የቁጥር ነገር ይመጣል። መምህሩ አዲስ ተማሪ ተቀብሎ 118ኛ ብሎ ቢመዘግብ፣ በዚያው ሰዓት በሌላ ክፍል ያለች መምህርትም ሌላ ተማሪ ተቀብላ 118ኛ ብትል፣ ሁለቱ ታብሌቶች ሲገናኙ አንዱ ተማሪ በሌላው ላይ ይጻፋል። ስለዚህ ታብሌቱ ለየመዝገቡ የሚሰጠው መለያ ተራ ቁጥር መሆን የለበትም፤ ማንንም ሳይጠይቅ በዕጣ የሚያወጣው፣ እንዳይገጣጠም ሆኖ የረዘመ መለያ መሆን ይገባዋል። 118ን የመሰለውን የተራ ቁጥር ማዕከሉ ኋላ ይስጥ።

ከሰዓት በኋላ መሥመሩ መጣ እንበል። ስድሳ ተማሪ ያለው ክፍል የአንድ ቀን መዝገብ፣ ለአንድ ተማሪ 200 ባይት ቢታሰብ፣ 12,000 ባይት ነው፤ በሰከንድ 20,000 ቢት በሚያሳልፍ ደካማ መሥመር አምስት ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። የአንድ ተማሪ ባለ ሁለት ሚሊዮን ባይት ፎቶግራፍ ግን በዚሁ መሥመር ከ13 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ፎቶግራፉ በሰልፉ ፊት ከቆመ የስድሳውን መዝገብ ያስቀራል፤ ስለሆነም ጽሑፍ ይቀድማል፣ ሥዕል በሌላ ሰልፍ ይጠብቃል።

ማዕከሉ መዝገቡን ተቀብሎ «ደርሶኛል» ሲል መሥመሩ ቢጠፋስ? ታብሌቱ መልሱን ስላልሰማ እንደገና ይልካል። ማዕከሉ መለያውን የማያመሳክር ከሆነ አንድ መቅረት ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። የዚህ ስሕተት ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የቀሪዎች ቁጥር በክፍሉ ካለው የተማሪ ቁጥር በልጦ ይገኛል፤ ወይም አንድ ተማሪ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ቀርቶ ይታያል። መድኃኒቱ ያው የፊዶኔት ብልሃት ነው።

ይበልጥ የሚከብደው ሁለት ሰዎች አንዱን መዝገብ ሲያርሙት ነው። መምህሩ ተማሪዋን «ቀርታለች» ብሎ ጻፈ፤ ርእሰ መምህሩ በሌላ ታብሌት «በፈቃድ» ብሎ አረመ። ብዙ ነዳፊዎች «የኋለኛው ይጽና» ይላሉ፤ ኋለኛውን የሚለዩት ግን በታብሌቱ ሰዓት ነው። ባትሪው ጨርሶ ያለቀበት ታብሌት ሲነሣ ቀኑ ከዓመታት በፊት ሊሆን ይችላል። በእኛ ዘንድ ሌላም ችግር አለ፦ አንዱ ጠዋት 2 ሰዓት ሲል ሌላው 8 ሰዓት ይጽፋል፤ ቀኑም በሁለት አቆጣጠር ይመጣል። በታብሌቱ ውስጥ የሚቀመጠው ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚለወጠው ለዓይን ሲቀርብ ብቻ ቢሆን ይመረጣል። ለዕርቁ ግን ከሰዓት ይልቅ የእርማት ተራ ይታመናል። እያንዳንዱ እርማት የስንተኛው እርማት ተከታይ እንደሆነ ይጽፋል፤ ሁለት እርማቶች የአንዱ ተከታይ ነን ብለው ቢመጡ ማዕከሉ አንዱን ሳይሰርዝ ሁለቱንም ይዞ ለርእሰ መምህሩ ያቀርባል።

ሰልፉ ስንት ቀን ሊጠብቅ ይገባል? በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮ በመላ አገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆይቷል። ያልተላከን መዝገብ ከሳምንት በኋላ የሚያጠፋ ወይም ተጠቃሚው እንደገና በኢንተርኔት ካልገባ የሚዘጋ ሥርዓት ያን ጊዜ ባላገለገለ ነበር።

ሥርዓቱ የማያድነውም ነገር አለ። ታብሌቱ ሳይልክ ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ በሰልፍ ላይ የነበረው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ለዚህም በማያ ገጹ ላይ ሁለት ነገሮች ዘወትር ሊታዩ ይገባል፦ ያልተላኩት መዝገቦች ቁጥርና መጨረሻ የተላከበት ቀን። ርእሰ መምህሩ ዓርብ ዓርብ ይህን ቁጥር ቢያይ፣ ዜሮ ባልሆነበት ታብሌት ያለውን መዝገብም እንደ 2008ቱ ጠያቂዎች በብሉቱዝ ወደ ራሱ ቢያሻግር፣ ከአንድ ሳምንት የሚበልጥ ሥራ በአንድ መሣሪያ ላይ ብቻ ሳይቀመጥ ይቀራል።