የዳሌ ስብራት የአጥንትን ራስ ለሞት የሚዳርገው ለምንድን ነው?

የጭን አጥንት በላይኛው ጫፉ ኳስ የመሰለ ራስ አለው። ይህ ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ስፍራ ውስጥ ይሽከረከራል። ራሱን ከቀሪው አጥንት ጋር የሚያያይዘው ቀጠን ያለ ክፍል የጭን አጥንት አንገት ይባላል።

ለራሱ ደም የሚያደርሱት ዋነኞቹ የደም ሥሮች ከጭን ተነሥተው የአንገቱን ግርጌ ይከብቡና፣ አንገቱን ተጠግተው ወደ ላይ ይወጣሉ። ከጎድጓዳው ስፍራ በጅማት ውስጥ የሚመጣ ሌላ ትንሽ የደም ሥር ቢኖርም፣ በአዋቂ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ብቻውን ለመመገብ አይበቃም። ስለዚህ የአጥንቱ ራስ በአንድ ቦይ እንደሚጠጣ ማሳ ነው፤ ቦዩ ከተቆረጠ ይደርቃል።

አንገቱ ሲሰበርና ስብራቱ ከቦታው ሲንሸራተት፣ እነዚህ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበጠሳሉ ወይም ይጠማዘዛሉ። በመገጣጠሚያው ከረጢት ውስጥ የሚጠራቀመው ደምም የተረፉትን ሊጫናቸው ይችላል። ስብራቱ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ከከረጢቱ ውጭ ከሆነ ግን ወደ ራሱ የሚወጡት የደም ሥሮች ስለሚተርፉ የአጥንት ሞት እምብዛም አያጋጥምም።

ለምሳሌ አንድ የ40 ዓመት አርሶ አደር ከዛፍ ወድቆ አንገቱ ላይ የተሰበረው የጭን አጥንት ከቦታው ተንሸራተተ እንበል። ሐኪሞች ሳይዘገዩ አጥንቱን ወደ ቦታው መልሰው በብሎን ያስሩታል። ስብራቱ ይገጥማል፤ ሰውየውም ወደ እርሻው ይመለሳል። ከዓመት በኋላ ግን ብሽሽቱን ያመው ጀመር፤ ማነከስም አስከተለበት። ይህ የሚሆነው የሞተ አጥንት ወዲያው ስለማይፈርስ ነው። ለወራት ቅርጹን ይዞ ይቆይና፣ ሰውነት ሊያድሰው ሲሞክር ይዳከማል፤ በክብደት ሥርም ይደረመሳል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ራጅ ጤናማ መስሎ ሊያሳየው ስለሚችል፣ ሕመም ባይኖርም ክትትሉን ቢያንስ ለ2 ዓመት መቀጠል ይገባል።

በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከቦታው የተንሸራተተ ስብራት ሲያጋጥማቸው፣ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የአጥንቱን ራስ አውጥተው በሰው ሠራሽ ይተካሉ። ይህም አጥንቱ ሞቶ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና እንዳያስፈልግ ያደርጋል።

ከወደቀ በኋላ እግሩ ያጠረና ወደ ውጭ የዞረ ሰው የዳሌ ስብራት ሊኖርበት ስለሚችል፣ እግሩን ሳይስቡ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ስብራት ግን እርስ በርሱ ተነካክሶ ስለሚቆይ፣ ሰውየው ብሽሽቱን እያመመው ሊራመድ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሕመም ወለምታ ነው ብሎ በወጌሻ ማሳሸት፣ ያልተንሸራተተውን ስብራት አንሸራቶ እስከዚያ የተረፉትን የደም ሥሮች ሊበጥስ ይችላል።