የቤተ መጻሕፍት የመደርደሪያ ቆጠራ፦ «ጠፋ» የተባለ መጽሐፍ እንዴት ይጣራል?

የመደርደሪያ ቆጠራ ማለት በካታሎግ የተመዘገቡ መጻሕፍት በመደርደሪያ ላይ መኖራቸውንና በተመደበላቸው ስፍራ መቀመጣቸውን አንድ በአንድ የማመሳከር ሥራ ነው። ውጤቱ ተገልጋዩን በቀጥታ ይመለከታል። ከሥራ የሚዛወር ወይም ትምህርቱን ያጠናቀቀ ሰው ክሊራንስ ሲጠይቅ፣ የመለሰው መጽሐፍ በስሙ እንዳልተመለሰ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። መጽሐፉ በእርግጥ መጥፋቱ ወይም ያለቦታው መቀመጡ የሚታወቀው መደርደሪያው ሲፈተሽ ነው።

አፈጻጸሙ

በቅድሚያ የካታሎጉ መረጃ መጻሕፍቱ በመደርደሪያ ላይ ሊኖራቸው በሚገባው ቅደም ተከተል ይታተማል። ሥራው በሁለት ሰዎች ሲከናወን አንደኛው ዝርዝሩን ያነባል፤ ሁለተኛው በመጽሐፉ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን የመለያ ቁጥርና በውስጡ የተጻፈውን የመዝገብ ቁጥር ያረጋግጣል። የአንድ መጽሐፍ ብዙ ቅጂዎች ተመሳሳይ የመለያ ቁጥር ስለሚኖራቸው፣ የትኛው ቅጂ እንደተገኘ የሚለየው በመዝገብ ቁጥሩ ነው።

በዝርዝሩ ኖሮ በመደርደሪያው ያልተገኘ መጽሐፍ ወዲያውኑ «ጠፋ» አይባልም፤ «ያልተገኘ» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። በመደርደሪያው ተገኝቶ በዝርዝሩ የሌለ መጽሐፍም ለብቻው ይመዘገባል፤ ብዙውን ጊዜ የሌላ መደርደሪያ «ያልተገኘ» መጽሐፍ ሆኖ ይገኛልና።

መጽሐፍ ሳይጠፋ የጠፋ የሚመስልበት ምክንያት

የመጀመሪያው ምክንያት የቁጥር አነባበብ ነው። በዲዊ የአመዳደብ ሥርዓት የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መለያ 892.87 ነው። ከነጥብ በኋላ ያሉት አኃዞች አንድ በአንድ ስለሚነበቡ 892.87 ከ892.9 በፊት ይቀመጣል። 87 ከ9 ይበልጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ግን መጽሐፉን ወደ ኋላ ይወስደዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የሞክሼ ፊደላት አጻጻፍ ነው። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ስም በካታሎጉ «ሀዲስ» ተብሎ ቢጻፍና በመጽሐፉ ጀርባ ላይ «ሐዲስ» ቢባል፣ በሁለቱ መካከል የ«ለ» ደራስያን በሙሉ ይገባሉ። በውጭ አገር አሠራር የአባት ስም ቀድሞ «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ተብሎ ከተመዘገበ ደግሞ ርቀቱ ከዚህም ይሰፋል። ስለዚህ ፍለጋው ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በሚሉት ሁሉ መደገም አለበት።

ሦስተኛው ምክንያት የአየር ጠባይ ነው። እንደ ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ባሉ ሞቃት አካባቢዎች ሙቀቱ የመለያውን ማጣበቂያ ሊያደርቀውና ወረቀቱ ሊረግፍ ይችላል። መለያ የሌለው መጽሐፍ በአስተናጋጁ ግምት ስለሚቀመጥ፣ ቆጣሪው በመጽሐፉ ውስጥ የተጻፈውን የመዝገብ ቁጥር መመልከት ይኖርበታል። በምስጥ የተበላ መጽሐፍም «የተጎዳ» ተብሎ እንጂ «የጠፋ» ተብሎ አይመዘገብም።

ምሳሌ

በአንድ መደርደሪያ 120 መጻሕፍት ሊኖሩ ይገባል እንበል። በቆጠራው 109 በቦታቸው ሲገኙ 11 አልተገኙም። የውሰት መዝገቡ ሲታይ 4ቱ በአንባቢያን እጅ ናቸው፤ 2ቱ ለጥገና ወጥተዋል። 2ቱ በቁጥር ስህተት በቀጣዩ መደርደሪያ ተገኝተዋል፤ 1ዱ በ«ሐ» ፈንታ በ«ሀ» ሥር ተቀምጧል። በእርግጥ የደረሱበት ያልታወቀው 2 ብቻ ናቸው። እነዚህም የተመለሱ መጻሕፍት በሚጠራቀሙበት ስፍራ፣ በንባብ ጠረጴዛዎችና ከመደርደሪያ ጀርባ ከተፈለጉ በኋላ «የጠፋ» ወደሚለው መዝገብ ይዛወራሉ።

ቆጠራው ሊያሳይ የማይችለው ነገርም አለ። መጽሐፉ መቼ እንደወጣና ማን እንደወሰደው አይናገርም። በቆጠራው ዕለት በንባብ ላይ የነበረ መጽሐፍም በስህተት «ያልተገኘ» ሊባል ስለሚችል፣ ፍለጋው ከጥቂት ቀናት በኋላ ይደገማል።

ተገልጋዩ ሊያደርግ የሚችለው

ካታሎጉ «አለ» የሚለውን መጽሐፍ በመደርደሪያው ያጣ ተገልጋይ የመለያ ቁጥሩን፣ የደራሲውንና የመጽሐፉን ስም ጽፎ ፍለጋ እንዲደረግለት ለአስተናጋጁ ማቅረብ ይችላል። ያለቦታው የተቀመጠ መጽሐፍ ሲያይ በራሱ ግምት ከመመለስ ይልቅ ለአስተናጋጁ ቢያስረክብ ስህተቱ አይደገምም። የመለሰው መጽሐፍ በስሙ ተመዝግቦ የተገኘበት ሰው ደግሞ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በመዝገብ ቁጥሩ የመደርደሪያ ፍተሻ እንዲካሄድ በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል። የመለሰበትን ቀን የሚያሳይ ደረሰኝ ወይም ፊርማ ካለው ከጥያቄው ጋር ያያይዛል።