ቋንቋ መተካት፦ ከሶዶ በወጣ ቤተሰብ ውስጥ እንዴት ይለካል?

የሥነ ልሳን ባለሙያዎች «ላንጉጅ ሽፍት» የሚሉት አንድ ማኅበረሰብ የራሱን ቋንቋ ቀስ በቀስ ትቶ በሌላ የሚገለገልበትን ሂደት ነው። በአማርኛ ብዙ ጊዜ «የቋንቋ ሽግግር» ይባላል። ትውልድ የሚለው ሲጨመርበት ግን ትርጉሙ ይገለበጣል፤ «ከትውልድ ወደ ትውልድ ተሸጋገረ» የምንለው ለተወረሰ ነገር ነውና። እዚህ የምናወራው ስላልተወረሰ ቋንቋ ነው። «የቋንቋ ለውጥ» እንዳንል ደግሞ አንድ ቋንቋ በራሱ ውስጥ በድምፅና በሰዋስው የሚያሳየውን ለውጥ ይመስላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ቋንቋ መተካት» እንለዋለን፤ ቃሉ አንዱ ሲወጣ ሌላው በቦታው መግባቱን ያሳያል።

ወላይትኛ፣ በባለቤቶቹ አጠራር ወላይታቶ ዶና፣ በወላይታ ዞን ውስጥ ስጋት ያለበት ቋንቋ አይደለም። በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ከ1980ዎቹ ወዲህም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማሩበታል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ብሔረሰባቸውን ወላይታ ያሉ ሰዎች 1.68 ሚሊዮን ገደማ፣ አፍ መፍቻቸው ወላይትኛ የሆነ ደግሞ 1.63 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። የሁለቱ ንጽጽር 97 በመቶ ይመጣል። ይህን አይቶ ምንም አልተተካም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ድምሩን የሚሞሉት በብዛት በዞኑ ያሉ ነዋሪዎች ናቸው፤ ከሶዶ፣ ከቦዲቲ ወይም ከአረካ ወጥቶ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ ወይም መተሐራ ልጅ የወለደ ቤተሰብ በውስጡ ተውጦ ይቀራል። በዚያ ላይ የአፍ መፍቻ ጥያቄ ሰው በልጅነቱ የለመደውን እንጂ ዛሬ ለልጁ የሚናገረውን አይጠይቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መጠይቁን ማስተካከል ነው። «በቤት ውስጥ ወላይትኛ ትናገራላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይረዳም፤ እናት ወላይትኛ እየተናገረች ልጅ በአማርኛ የሚመልስበት ቤትም «አዎ» ይላልና። መጠየቅ ያለበት ማን ለማን በምን ቋንቋ እንደሚናገር ነው። አያት ለልጅ፣ ልጅ ለአያት፣ አባት ለእናት፣ ወንድም ለእህት፤ እያንዳንዱ አቅጣጫ ለብቻው ይጻፋል። አሜሪካዊቷ ሱዛን ጋል በኦስትሪያዋ ኦበርዋርት ሀንጋርኛ በጀርመንኛ ሲተካ ያጠናችው በዚህ ዓይነት ሰንጠረዥ ነው። ተናጋሪዎቹን በዕድሜ ቅደም ተከተል ወደ ታች፣ የሚያናግሯቸውን ሰዎች ደግሞ ወደ ጎን ደረደረቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳሳየችው ሰንጠረዡ ደረጃ ይሠራል፦ ትልልቆቹ ሀንጋርኛን ከሁሉም ጋር ለማለት ይቻላል ይናገራሉ፤ ወደ ወጣቶቹ በተወረደ ቁጥር ግን ሀንጋርኛ የሚቀረው በዕድሜ ከገፉት ጋር ብቻ ነው።

መጠይቅ ብዙ ቤተሰብ በአጭር ጊዜ ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የአኒክ ደ ሃወር ጥናት በቤልጅየም ፍላንደርስ ከ1,800 በላይ ቤተሰቦችን በዚህ መንገድ ጠይቋል። ሁለቱም ወላጆች በቤት የራሳቸውን ቋንቋ ብቻ በሚናገሩበት ቤት ከመቶ 97 ያህሉ ልጆቹም ይናገሩት ነበር። አንዱ ወላጅ ሁለቱን ቋንቋ ሲናገር ሌላው የአገሩን ቋንቋ ብቻ በሚናገርበት ቤት ግን ቁጥሩ ወደ 36 ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ልዩነት የጥቂት ቤቶችን ንግግር በመቅዳት ማየት አይቻልም።

መጠይቅ የማይነግረን ግን አለ። ሰው የሚመልሰው ስለ ራሱ የሚያስበውን ነው። በማንነቱ የሚኮራ አባት የወላይትኛውን ድርሻ ያበዛዋል፤ ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ እንዳያንስ የሚሰጋ ደግሞ ያሳንሰዋል። ለዚህ ነው ከመጠይቁ በኋላ ጥቂት ቤተሰቦች ተመርጠው ንግግራቸው የሚቀዳው። ሊ ዌይ በእንግሊዝ ኒውካስል አካባቢ በሚኖሩ 10 የቻይና ቤተሰቦች ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተመው ጥናት ለዚህ ጥሩ አርአያ ነው፤ ሦስት ትውልድ አንድ ማዕድ ከብቦ ሲያወራ ቀድቶ ማን ለማን በምን እንደሚመልስ አንድ በአንድ ቆጥሯል።

አሠራሩን ለማየት አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እናስብ፤ ቁጥሮቹ ለስሌቱ የተፈጠሩ ናቸው። አያት ከሶዶ ለጥየቃ መጥተዋል። በእራት ሰዓት ቅጂ ውስጥ የስምንት ዓመቱ ልጅ 60 ጊዜ ተናግሯል። ለአያቱ ከተናገረው 20 ውስጥ 14ቱ፣ ለወላጆቹ ከተናገረው 25 ውስጥ 5ቱ በወላይትኛ ናቸው፤ ለእህቱ የተናገራቸው 15ቱም በአማርኛ ነበሩ። በድምሩ 19 ከ60፣ ማለትም 32 በመቶ ገደማ ነው። ይህ አማካይ ግን የማንንም ንግግር አይወክልም። ለአያቱ 70 በመቶ፣ ለወላጆቹ 20 በመቶ፣ ለእህቱ ዜሮ ነው። አያት ወደ ሶዶ ሲመለሱ ቀሪው 5 ከ40 ይሆናል፤ 12.5 በመቶ መሆኑ ነው። ልጁ ምንም ሳይለወጥ የቤቱ ቁጥር ከግማሽ በላይ ወረደ። ስለዚህ በቅጂው ዕለት ማን ቤት እንደነበረ ካልተመዘገበ ሁለት ቤተሰቦችን ማወዳደር ከንቱ ነው።

ቆጠራው ራሱም ቀላል አይደለም። ልጁ «ሃታ ስጪኝ» ቢል፣ ውሃ ማለት የሆነው «ሃታ» ወላይትኛ ነው፤ ግሡና ሰዋስዉ ግን አማርኛ ናቸው። በቃል ብንቆጥር ግማሽ በግማሽ ይሆናል፤ ዐረፍተ ነገሩን የሚሸከመውን ሰዋስው ካየን ግን አማርኛ ነው። «ሃታ ኢማ» ቢል ኖሮ ሁሉም ወላይትኛ በሆነ ነበር። የትኛውም ደንብ ቢመረጥ ከቅጂው በፊት ተጽፎ፣ ሁለት ሰዎች አንዱን ቅጂ ለየብቻ ቆጥረው መስማማታቸው መታየት አለበት። የሰው ስም፣ ሰላምታና እንደ «እሺ» ያለ አጭር መልስ ለብቻ ይያዛል፤ «ሳሮ» ብሎ ሰላም ማለት የሚችል ልጅ ሁሉ ቋንቋውን ይናገራል ማለት አይደለም። በአንጻሩ እናቱ በወላይትኛ ያዘዘችውን ዝም ብሎ የሚፈጽም ልጅ በድምፅ ቅጂ ውስጥ የለም፤ ሲሰማ እንደሚገባው የሚያሳየው የተመልካች ማስታወሻ ነው። መቅጃው ፊት ሰው ንግግሩን ስለሚያርምም የቅጂው መነሻ ደቂቃዎች ይጣላሉ፤ ቀረጻውም በተለያዩ ቀናት ይደገማል።

የመጨረሻው ጥንቃቄ ስለ ጊዜ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ከአባቱ ያነሰ ወላይትኛ ስለተናገረ ብቻ ቋንቋው ተተክቷል ማለት አይቻልም፤ ምናልባት ዕድሜው ነው፣ ሲያድግ ክረምቱን ሶዶ ቢያሳልፍ ሊጨምር ይችላል። ይህን ለመለየት አጥኚው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደዚያው ቤት ይመለሳል፤ ወይም በኩሩ በታናሹ ዕድሜ ሳለ የነበረውን ንግግር ከታናሹ ንግግር ጋር ያነጻጽራል። በኩሩ በስምንት ዓመቱ ለወላጆቹ ወላይትኛ ይናገር ከነበረ፣ ታናሹ ግን ካልተናገረ፣ መተካቱ በአንድ ቤት ውስጥ በልጆቹ መካከል ተጀምሯል። ከዚያ በኋላ ነው የመጠይቁና የቅጂው ልዩነት የሚታየው፦ መጠይቁ ይህ ስንት ቤት እንደደረሰ፣ ቅጂው ደግሞ በቤቱ ውስጥ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሄድ ይናገራሉ። አንዱ ያለ ሌላው ሲቀርብ ግማሽ መልስ ነው።