ፒን የተደረገው ኮሜንት ከየት መጣ?

ባለፈው ስለ ውጫሌ ውል የተናገርኩትን ትምህርት ዩቲዩብ ላይ ስጭን፣ ከሥሩ የመጀመሪያውን ኮሜንት ራሴው ጽፌ ከላይ ሰካሁት። እንዲህ ይል ነበር፦ «ዓድዋ፣ አድዋ፣ ውጫሌ፣ ዉጫሌ፣ ምኒልክ፣ ጣሊያን፣ የኢትዮጵያ ታሪክ። ላይክ፣ ሼር፣ ሰብስክራይብ!» አንድ የድሮ ተማሪዬ ደውሎ፣ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የሱቅ ታፔላ ነው የሚመስለው» አለኝ። አፈርኩ። ግን የታሪክ መምህር ነኝና፣ ይህ ልማድ ከየት መጣ ብዬ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ዩቲዩብ በ2005 ሲጀመር (ዘመኑ በፈረንጆች ነው) የቪዲዮው ባለቤት ሁለት ነገር ይፈልግ ነበር። አንደኛው ሰው ፈልጎ እንዲያገኘው፣ ሁለተኛው ያገኘው ሰው እንዲናገር። ለመጀመሪያው ታግ የሚባሉ ቁልፍ ቃላት ነበሩ፤ ከቪዲዮው ሥር ለሁሉም ይታዩ ነበር። በ2012 ከተመልካች ዓይን ተሰወሩ። ለሁለተኛው ደግሞ ከ2008 ጀምሮ አኖቴሽን መጣ። ቪዲዮው ላይ ብቅ እያለ «ምን ትላላችሁ?» የሚለው ሳጥን ትዝ ይላችኋል? ችግሩ ስልክ ላይ አይሠራም ነበር፤ ሰዉ ደግሞ ወደ ስልክ ሄደ። በግንቦት 2017 አዲስ መጨመር ቀረ፣ በጥር 2019 የቀሩትም ጠፉ።

ፒን የመጣው በዚህ መሀል፣ በኅዳር 2016 ነው። ከዚያ በፊት ባለቤቱ ኮሜንት ቢጽፍም ከላይ እንደሚቆይለት ዋስትና አልነበረውም። አሁን ከኮሜንቱ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክቶ Pin ካለ፣ አንድ ኮሜንት ብቻ ከሁሉም በላይ ይቀመጣል። ሌላ ከሰካ የቀድሞው ይነቀላል። ስልክ ላይም ይታያል።

ታዲያ ብዙዎቻችን ይህ ኮሜንት የሁለቱም ወራሽ ነው ብለን አሰብን። እኔ እንደገባኝ ግን የወረሰው የአኖቴሽንን ሥራ እንጂ የታግን አይደለም። ዩቲዩብ ራሱ ፍለጋ እንዴት እንደሚሠራ ሲያስረዳ የሚጠራው ርዕሱን፣ መግለጫውን፣ ታጉንና የቪዲዮውን ይዘት ነው፤ ኮሜንትን አይጠቅስም። ታግም ቢሆን ሚናው ትንሽ ነው፣ በዋናነት ቃሉ በስህተት ለሚጻፍበት ጊዜ ነው ይላል። ስለዚህ «ዓድዋ» እና «አድዋ» የሚለው ልዩነት ቦታው ታግ ነው። መግለጫው ውስጥ ደግሞ በዓረፍተ ነገር መግባት አለበት፤ እዚያ ታግ መደርደር ሕግ መጣስ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ኮሜንቱ ውስጥ ቁልፍ ቃል አያስፈልግም? ያስፈልጋል፣ ግን ለሰው። ተመልካቹ የመጣበትን ነገር እንዳገኘ በአንድ መስመር ያውቃል። የእኔን እንዲህ አድርጌ ለወጥኩት፦

«ይህ ትምህርት የዓድዋ ጦርነት መነሻ ስለሆነው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ነው።
2:10 የአማርኛው ቅጂ ምን ይላል
6:45 የጣሊያንኛው ቅጂ ምን ይላል
ከአያት ከቅድመ አያት የሰማችሁት የዘመቻው ወሬ አለ? የየት አገር ሰው እንደነበሩ ጨምራችሁ ጻፉልኝ።»

ደቂቃዎቹ ሲነኩ ወደ ቦታው ይወስዳሉ። ጥያቄው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ሊመልሰው የሚችለውን፣ ማለትም የራሱን ቤት ወሬ የሚጠይቅ ነው። «ምን ይመስላችኋል?» ብል «ጥሩ ነው» ከማለት ሌላ ምን ይላሉ? «የምትስማሙ ላይክ» የሚለውማ፣ ፌስቡክ በታኅሣሥ 2017 እንዲህ ያለውን ልመና ወደ ታች እንደሚያወርድ በይፋ ተናግሯል።

ሁለት ወሰን ልጨምር። ለልጆች ተብሎ በተመዘገበ ቪዲዮ ላይ ኮሜንት ዝግ ነው፤ የሚሰካ ነገር የለም። ሾርት ላይ ደግሞ ከነሐሴ 2023 መጨረሻ ጀምሮ በኮሜንት የሚቀመጥ ሊንክ አይነካም፤ «ሙሉውን እዚህ እዩ» ብሎ መለጠፍ ዋጋ የለውም።

ጥያቄዬ መሥራቱን የማውቀው በመልሱ ብዛት አይደለም። ከመልሱ ውስጥ የቦታ ስም ካለ ሠርቷል፤ ልብ ቅርጽና ጭብጨባ ብቻ ከሆነ ጥያቄው ሰፍቶብኛል ማለት ነው፣ እንደገና እጽፈዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ቅድመ አያቷ ስንቅ ጭነው የሄዱበትን በቅሎ ስም ጭምር ጻፈችልኝ። እንደ ማስረጃ ከመቁጠሬ በፊት ከሌላ ምንጭ ጋር ማስተያየት አለብኝ። ግን ያ የበቅሎ ስም የትኛውም መጽሐፍ ውስጥ አልነበረም። ቁልፍ ቃላቴን ደርድሬ ብቀመጥ ኖሮ ማን ይነግረኝ ነበር?