የደም ስኳር ማነስ ሕክምና በሕፃናት

በደንብ የተመገበ ሕፃን የደም ስኳሩ በዴሲ ሊትር ከ45 ሚሊ ግራም፣ በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዳ ደግሞ ከ54 ሚሊ ግራም ሲያንስ ሕክምና ያስፈልገዋል። ራሱን ለሳተ ወይም ለሚያንቀጠቅጠው ሕፃን የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ሊትር ባለ10 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር እንዲሰጠው ነው፤ ይህ በኪሎ ግማሽ ግራም ስኳር ይሆናል። የአራስ መጠን ከዚህ ያነሰ ነው።

ስህተት የሚፈጠረው በአብዛኛው ከመጠኑ ይልቅ በውህዱ ጥንካሬ ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 50 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል፤ በውስጡም 5 ግራም ስኳር አለ። በእጅ ያለው ባለ40 በመቶ ቢሆንና 50 ሚሊ ሊትሩ ሳይቀጠን ቢሰጥ ግን 20 ግራም፣ ማለትም አራት እጥፍ ይገባል። ወፍራም ግሉኮስ የደም ሥርን ያቆስላል፤ ከሥሩ ውጭ ከፈሰሰም ሥጋን ሊያበሰብስ ይችላል። ስለዚህ 12.5 ሚሊ ሊትሩ በ37.5 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ ይቀጠናል።

ከ30 ደቂቃ በኋላ ስኳሩ ዳግም ይለካል፤ አሁንም ዝቅተኛ ከሆነ ያው መጠን ይደገማል። የደም ሥር ካልተገኘ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ረጠብ ተደርጎ ከምላስ ሥር ይቀመጣል።