«የዕዳ ዘላቂነት» ምን ማለት ነው?

የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) እና የዓለም ባንክ ስለ ኢትዮጵያ በሚያወጡት ሰነድ ውስጥ «የዕዳ ዘላቂነት ትንተና» የሚባል ክፍል አለ። ይህንኑ ስያሜ የገንዘብ ሚኒስቴርም ይጠቀምበታል። ስያሜው ግን ያሳስታል፤ ዕዳው ራሱ ለዘላለም የሚኖር ያስመስለዋል። የሚጠየቀው አገሪቱ አበዳሪዎቿን «ጊዜ ስጡኝ» ሳትል፣ ወይም ሕዝቡ ሊሸከመው የማይችል የወጪ ቅነሳ ሳታደርግ፣ ዕዳዋን በየቀጠሮው መክፈል ትችላለች ወይ ነው። ስለዚህ «ዘላቂ የዕዳ ተከፋይነት» ቢባል ይሻላል እላለሁ። «ዕዳን የመሸከም አቅም» የሚለው ጥሩ አማርኛ ነው፤ ነገር ግን እዚያው ሰነድ ውስጥ ለሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ አገሮች ደካማ፣ መካከለኛና ጠንካራ ተብለው የሚመደቡበት መለኪያ ስም ነው።

በዚህ ክፍል መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የዕዳና የአገር ውስጥ ጥቅል ምርት ጥምርታ ነው፤ ዕዳው አገሪቱ በዓመት ከምታመርተው ሁሉ ስንት በመቶ ይሆናል እንደማለት። ይህ ቁጥር አዲስ ብድር ሳይወሰድም ሊዘል ይችላል። ብር በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ያኔ የውጭ ዕዳው 28 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ57 ብር ሲመነዘር 1.6 ትሪሊዮን ብር ያህል ነው። ከወራት በኋላ ዶላር 120 ብር ሲገባ፣ ያው ዕዳ ወደ 3.4 ትሪሊዮን ብር ተጠጋ። ለዚህ አንድም ዶላር መጨመር አላስፈለገም፤ በብር የሚለካው ምርት ግን በዚያው ፍጥነት አላደገም።

ጥምርታው የማይነግረን ሌላም ነገር አለ፤ ዕዳው በምን ገንዘብ እንደሚከፈል። አዲስ አበባ ውስጥ መገናኛ ላይ የሚያልፈው ቀላል ባቡር የተሠራው አብዛኛውን ከቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ በተገኘ ብድር ነው። ተሳፋሪው ቲኬቱን የሚቆርጠው በብር ነው፤ ብድሩ የሚመለሰው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው። ባቡሩ ሞልቶ ቢውልም ዶላር አያመጣም። ዶላሩ ከቡና፣ ከወርቅ፣ ከአበባ፣ ከአየር መንገድ አገልግሎት መገኘት አለበት።

የዕዳ ክፍያ ጫና የሚለካው ለዚህ ነው። በዓመቱ የሚከፈለው ዋናው ብድርና ወለዱ ተደምሮ፣ ወደ ውጭ ከሚላከው ዕቃና አገልግሎት ገቢ ጋር ይነጻጸራል። አቅማቸው ደካማ ተብለው ለተመደቡ አገሮች ጣሪያው 10 በመቶ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ማስጠንቀቂያው ይበራል። የኢትዮጵያ ችግር ጎልቶ የታየው ከጥቅል ምርቱ ይልቅ ከወጪ ንግዱ ጋር ሲነጻጸር ነው። በ2016 በጀት ዓመት ከሸቀጥ ወጪ ንግድ የተገኘው ከ4 ቢሊዮን ዶላር በታች ነበር።

የአንድ ዓመት ክፍያ ግን ሁሉንም አያሳይም። በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. መንግሥት በዓለም ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጧል፤ ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ ሲሆን በየስድስት ወሩ 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይከፈል ነበር። በዓመቱ ክፍያ ሠንጠረዥ ላይ ይህ ትንሽ መስመር ነበር። ችግሩ ዋናው ገንዘብ ታኅሣሥ 2017 ላይ በአንድ ቀን መከፈል የነበረበት መሆኑ ነው። በአስር ዓመት የተበተነ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነበር። ታኅሣሥ 2016 ላይ 33 ሚሊዮኑ ራሱ ሳይከፈል ቀረ፤ መንግሥት ምክንያቱን ሲያስረዳ አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ለማስተናገድ ነው ብሏል።

ሰነዱ ሁሉንም ዶላር እኩል አይቆጥርም፤ «የአሁን ዋጋ» የሚለው ዓምድ የገባው ለዚህ ነው። በ5 በመቶ ቅናሽ ሲሰላ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ያለ ወለድ የሚከፈል 100 ሚሊዮን ዶላር ዛሬ 38 ሚሊዮን ያህል ብቻ ይመዝናል። ከዓለም ባንክ በረጅም ጊዜና በዝቅተኛ ወለድ የተገኘ ብድርና በገበያ የተሸጠ ቦንድ በአንድ መጠን ቢሆኑም ሸክማቸው አንድ አይደለም። ስለዚህ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው የተሳሳተ ነገር ይዟል።

ከሁሉ በላይ ሊጠየቅ የሚገባው ግን የወጪ ንግድ ትንበያው ነው። ትንታኔው ወደፊት ብዙ ዓመት አሻግሮ ያያል፤ ወጪ ንግዱ በዓመት በስንት በመቶ ያድጋል ተብሎ እንደታሰበ ትንሽ ቢለወጥ፣ የመጨረሻው ብይን ይለወጣል። በ2017 በጀት ዓመት በዋነኛነት በወርቅ ምክንያት ከሸቀጥ ወጪ ንግድ የተገኘው ገቢ ከ8 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። አይኤምኤፍ ዕዳው ሊከፈል የማይችል ደረጃ ላይ ነው ሲል፣ የቦንድ ባለቤቶቹ ኮሚቴ ደግሞ አገሪቱን የገጠማት ጊዜያዊ የዶላር እጥረት ነው ብሎ ተከራክሯል። ልዩነቱ የዋዛ አይደለም። ጊዜያዊ እጥረት ከሆነ የክፍያ ቀኑ ይራዘማል፤ አቅም ከሌለ ደግሞ ከዋናው ገንዘብ ላይ ይቀነሳል። ሰነዱን የሚያነብ ሰው ከማጠቃለያው በፊት የወጪ ንግድ ትንበያውን መስመር ይፈልግ፤ ከዚያም ወርቁ ባለበት ይቀጥላል ተብሎ ተገምቶ እንደሆነ ይመልከት።