የማያውቁትን ዕዳ ክፈሉ ሲባሉ፦ ከክፍያ በፊት የሚደረግ ማጣራት

በመካነ ሰላምና በአካባቢው ባሉ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ወረዳዎች ብዙ አርሶ አደሮች ማዳበሪያ፣ በሬ ወይም በግ ለመግዛት በቡድን ዋስትና ተበድረዋል። በዚህ አሠራር አንዱ ሌላውን ስለሚዋስ፣ ራሱ ያልተበደረ ሰው ከዓመታት በኋላ በዋስነት ሊጠየቅ ይችላል። በሌላ በኩል፣ ይህንኑ የሚያውቅ አታላይ በስልክ ደውሎ «ዕዳ አለብዎት» ሊል ይችላል። ሁለቱን መለየት የሚቻለው በሰነድ ብቻ ነው።

ለምሳሌ በቦረና ወረዳ ገጠር ቀበሌ የሚኖሩ አንዲት እናት ጥር 2018 ዓ.ም. ስልክ ተደወለላቸው እንበል። ደዋዩ ከፀደይ ባንክ እንደሆነ ነግሯቸው፣ በዋስነት 18,400 ብር ስላለባቸው በዚሁ ቀን በቴሌብር እንዲልኩ፣ ካልሆነ ፖሊስ እንደሚመጣ ይገልጻል። እኒህ እናት ከፀደይ ባንክ ተበድረው አያውቁም። ይሁን እንጂ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ወደ ፀደይ ባንክ ስለተሸጋገረ፣ በአብቁተ ዘመን የተገባ ዋስትና ዛሬ በአዲሱ ስም ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ የባንኩን ስም አለማወቅ ጥያቄው ሐሰት መሆኑን አያሳይም።

ሊያስጠረጥር የሚገባው አከፋፈሉ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1741 ክፍያ ለባለገንዘቡ ወይም እርሱ፣ ፍርድ ቤት ወይም ሕግ ለወከለው ሰው እንዲፈጸም ያዛል። ወደ ግለሰብ ስልክ የተላከ ገንዘብ ከባንኩ መዝገብ ላይገባና ዕዳውን ላይቀንስ ይችላል። ለደዋዩ የሚሰጠው መልስ አጭር ይሁን፤ ስሙን፣ የሚሠራበትን ቅርንጫፍ፣ የብድሩን ቁጥርና ዓመተ ምሕረቱን ይጠይቁ፣ ይመዝግቡ። «አዎ፣ አለብኝ» አይበሉ፤ የሚስጥር ቁጥርም አይስጡ። ቀጥሎ መታወቂያዎን ይዘው በአካል ወደ ቅርንጫፉ ይሂዱ። ደዋዩ በሰጠዎት ስልክ መልሶ መደወል ማጣራት አይደለም፤ የሚያነሣው ያው ሰው ሊሆን ይችላልና።

በቅርንጫፉ ሁለት ነገሮችን ይጠይቁ፦ የዋስትና ውሉን ቅጂ እና የብድሩን የሒሳብ መግለጫ።

በውሉ ላይ ስምዎ እስከ አያት፣ ቀበሌዎና ፊርማዎ ትክክል መሆናቸውን ይመልከቱ። በአካባቢው ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሰዎች ስለማይጠፉ የአባት ስም ብቻ መግጠሙ አይበቃም። በሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ዋስትና በግልጽ የሚገባ ግዴታ እንጂ በግምት የሚወሰድ አይደለም፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸም ዋስትናው ዋጋ የለውም። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያኖረው ምልክት ደግሞ በአዋዋይ፣ በሬጅስትራር ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ቁጥር 1728 ይደነግጋል። ፊርማው የእርስዎ ካልሆነ የውሉን ቅጂ ይዘው ለቅርንጫፉ በጽሑፍ ይቃወሙ፣ ለፖሊስም ያመልክቱ፤ በማመልከቻዎ ቀሪ ላይ የገቢ ማኅተም ማስመታትዎን አይርሱ።

የሒሳብ መግለጫው የሚጠቅመው ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ ብቻ አይደለም። በቁጥር 1845 መሠረት፣ ሕጉ በተለየ ሁኔታ ካልወሰነ በቀር፣ በውል ላይ የተመሠረተ ጥያቄ በ10 ዓመት ይርጋ ይቀራል። ከላይ ባነሣነው ምሳሌ ብድሩ መከፈል የነበረበት ሰኔ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ከሆነ፣ በመካከል ክፍያ ወይም ክስ ከሌለ ጊዜው ሰኔ መጨረሻ 2018 ዓ.ም. ይሞላል። እኒያ እናት ግን ለሰላም ብለው በጥር ወር 500 ብር ቢከፍሉ፣ በቁጥር 1851 መሠረት ከፊል ክፍያ ዕዳን እንደማመን ስለሚቆጠር ይርጋው ተቋርጦ አዲስ የ10 ዓመት ቆጠራ ይጀምራል። ዕዳውን አምኖ መፈረምም ተመሳሳይ ውጤት አለው። ብዙዎች ነገሩን ለማብረድ የሚከፍሉት ጥቂት ብር ከሁሉ የከፋው እርምጃ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ማጣራቱ ዕዳው እውነተኛ መሆኑን ካሳየ፣ በቅርንጫፉ መስኮት በብድሩ ቁጥር ይክፈሉና የባንኩን ደረሰኝ ይቀበሉ። ዋናው ተበዳሪ በሕይወት ካለና ንብረት ካለው፣ ባንኩ በቅድሚያ እርሱን እንዲጠይቅ ማመልከት ይቻል እንደሆነ በውሉ ላይ ይመልከቱ፤ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ካለ ግን ባንኩ በቀጥታ ወደ ዋሱ ሊመጣ ይችላል።

የፖሊስ ማስፈራሪያውን በተመለከተ፣ የብድር ዕዳ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ ባለገንዘቡ የሚሄደው ወደ ፍርድ ቤት ነው። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከደረሰዎት ግን ዕዳውን ባያውቁትም እንኳ በቀጠሮው ቀን ይቅረቡ። ዳኛው ይርጋን በራሱ አነሣሽነት ስለማያነሣ፣ ጊዜው አልፏል የሚል ተከሳሽ ይህንኑ በመጀመሪያ መልሱ ላይ በጽሑፍ ማንሣት አለበት።